የልጅዎ ልብ «ድምፅ አለው» ተብለው ወረቀት ቢሰጥዎ

«የልጅሽ ልብ ላይ ድምፅ አለ፤ ሆስፒታል ውሰጃትና የልብ ሐኪም ይያት።» ይህችን ቃል ከጤና መኮንን አፍ የሰማች እናት ከዚያ በኋላ የሚነገራት ሁሉ ጆሮዋ አይገባም። የተሰጣትን የሪፈር ወረቀት አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ትቋጥርና እንባዋን እየጠረገች ትወጣለች። ወረቀቷ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ናትና ምን እንደምትል አታውቅም። መቼስ «ሐኪም የጻፈው ነው» ብላ ታምናለች እንጂ ምን ትላለች!

ስለዚህች ወረቀት ያጫወተን በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። «ጥፋቱ የኔ ነበር» ሲል ነው የጀመረው።

ልጅቷ የ9 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ያመጣቻት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ እየቀረች ዳገቱ ላይ ቁጭ ማለት ስላበዛች ነው። ጤና መኮንኑ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያሳርፍ በሁለቱ የልብ ምቶች መካከል እንደ ወናፍ «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማ። ሐኪሞቹ «መርመር» የሚሉት ነው። ውጭ የተሰለፈው በሽተኛ ብዙ ነበርና አንዲት መስመር ጻፈ፦ «መርመር አላት፤ ለተሻለ ምርመራ ተልካለች።» በቃ።

አንባቢያን ልብ በሉ! መርመር ድምፅ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማው ተጨማሪ ድምፅ ነው። ደህና ሆነው በሚያድጉ ብዙ ልጆች ላይ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም ደም ማነስ ሲኖር፣ ይሰማል። እንዲህ ዓይነቱ ለስለስ ያለና አጭር ነው፤ ልጁ ተኝቶ ተሰምቶ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ልጁም ይሮጣል፣ ይበላል፣ ያድጋል። ሌላው ዓይነት ግን የልብ በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ሲያፈስ ወይም ልብ ላይ ከውልደት ጀምሮ ቀዳዳ ሲኖር የሚሰማ ነው። እንግዲህ «መርመር አላት» ብቻ የሚል ወረቀት የደረሰው ሆስፒታል ልጅቷ ከየትኛው ወገን እንደሆነች በምን ይወቅ?

የሆነውም ይኸው ነው። ሆስፒታሉ እናትየዋን ጠየቃት። እሷም ደንግጣ «ትደክማለች» ከማለት በቀር የምትመልሰው አጣች። ልጅቷ ቆማ ትሄዳለች፣ ትኩሳት የላትም። የ4 ወር ቀጠሮ ተሰጥቷት አገሯ ገባች።

ጤና መኮንኑ ይህን ሲሰማ እናትና ልጅን አስጠርቶ እንደገና ቁጭ አድርጎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ነው ዋናው ነገር የወጣው። ከ3 ወር በፊት ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማ «እንጥሏ ወርዷል» ተብሎ ተቆርጦላታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ቤተሰቡ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ በቅቤ አሻት። በራሱ ጊዜም ለቀቃት።

ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠት፣ ያውም ጉሮሮ ከታመመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከመጣ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ነው። ባክቴሪያው ከጉሮሮ ቢጠፋም ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። የመገጣጠሚያው ይድናል። የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይይዛል። በብዛት የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ለልብ ሐኪም። ዕድሜ 9፣ ሴት፣ ክብደት 22 ኪሎ። የላክኋት የሩማቲክ የልብ ሕመም ጠርጥሬ ነው። ከ3 ወር በፊት የጉሮሮ ሕመም፣ ከ2 ሳምንት በኋላ የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ እብጠት ነበራት። ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ሌሊት ግን ጋደም ብላ ትተኛለች። የልብ ምት በደቂቃ 104፣ ትንፋሽ 24፣ ትኩሳት የለም፣ ደም ማነስ የለም። ድምፁ በልብ ጫፍ ላይ ይጎላል፤ ከመጀመሪያው ምት እስከ ሁለተኛው ሳይቋረጥ ይሰማል፤ ወደ ግራ ብብት ይሄዳል፤ ስትቆም አይጠፋም። ጉበትም እግርም አላበጠም። ዛሬ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 600 ሺህ ዩኒት በጡንቻ ሰጥቻታለሁ፤ መድኃኒቱ አይቆጣትም። ጥያቄዬ፦ በኤኮ ቫልቩ ምን ያህል ተጎድቷል? መርፌው በየስንት ሳምንቱ፣ እስከ መቼ ይቀጥል? እኛ እዚህ ምን እንከታተል?»

ልዩነቱን አያችሁ? የድምፁ ቦታና ወደ ብብት መሄዱ በግራ በኩል ያለው ቫልቭ እንደሚያፈስ ይጠቁማል። ጉበትና እግር አለማበጡ፣ ጋደም ብላ መተኛቷ ልብ ገና እንዳልተሸነፈ ይነግራል። ስለዚህ በአምቡላንስ የምትሮጥ አይደለችም፤ 4 ወር የምትጠብቅም አይደለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ኤኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሣች። ቫልቩ በመጠኑ ያፈሳል፤ ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።

ጤና መኮንኑ ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨው መርፌው ነው። «በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃት ኖሮ ያን ቀን እጀምርላት ነበር» ይላል። እንዲህ ግልጽ ምልክት ሲኖር መርፌው የኤኮ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቅም። የጉሮሮው ሕመም በተመለሰ ቁጥር ሩማቲኩ ሊነሣና የተጎዳውን ቫልቭ እንደገና ሊያቆስል ይችላልና። መርፌው ጠባሳውን አያጠፋም፤ አዲስ ቁስል እንዳይጨመር ይከላከላል እንጂ። አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሳምንቱ ነው። ልጁ ከ30 ኪሎ በታች ከሆነ 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዩኒት ይሰጣል። ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት ዕድሜ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ተይዞ ይቀጥላል፤ ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ልቡ በጣም ለደከመ ልጅ ግን በመርፌ ይሁን በሚዋጥ የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ነው።

ሌላም አለ። የሪፈር ወረቀት ታችኛው ክፍል ሆስፒታሉ መልስ ጽፎ የሚመልስበት ነው። ብዙ ሰው ካርድ ክፍል ጥሎት ይመጣል። የዚህች ልጅ እናት ግን በተነገራት መሠረት አስጽፋ በመቀነቷ ይዛው መጣች። «በየ4 ሳምንቱ፣ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ» ይላል። ያ ባይኖር ኖሮ ለአንዲት መርፌ በየወሩ ሆስፒታል ድረስ ልትመላለስ ነበር፤ የመኪናው ገንዘብ ባለቀ ቀን ደግሞ ታቋርጣለች።

እንግዲህ እርስዎም ወረቀት ሲሰጥዎ ሳይወጡ ይጠይቁ። «ምን ጠርጥረው ነው የሚልኩን? ዛሬ የተሰጠው መድኃኒት ተጽፏል? ምን ያህል መቆየት እንችላለን?» ይበሉ። ስለ ጉሮሮውና ስለ እብጠቱም ሳይጠየቁ ይናገሩ። እንጥል ማስቆረጥም ይቅር፤ ያደማል፣ ይመረቅዛል እንጂ ሩማቲክን አይከላከልም። ልጁ ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊት ጋደም ማለት ካቃተው፣ እግሩ ካበጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ይዞ መሮጥ ነው።

ልጅቷ ዛሬም በየ4 ሳምንቱ ትመጣለች። «መርፌው ያማል» እያለች ጤና መኮንኑን ትቆጣዋለች። እሱም ካርዷ ላይ የሚቀጥለውን ቀን ይጽፋል።