ሁለት መቶ ሺህ ብሩ የት ገባ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዶላር እየተረዱ በብር የሚሠሩ ድርጅቶች በጀት ተናጋ። ለሪፖርት ጸሐፊዎች ግን አንድ ምቹ ዐረፍተ ነገር ተገኘላቸው፦ «ልዩነቱ የተፈጠረው በምንዛሪ ለውጥ ነው።»

ውሸት አይደለም። ችግሩ፣ የሌላውንም ጥፋት ሁሉ አዝሎ መሄዱ ነው።

የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት አለ እንበል። ለዓመቱ ነዳጅ 7,000 ሊትር በ80 ብር አስቦ 560,000 ብር በጅቷል። ዓመቱ ሲዘጋ ወጪው 760,000 ሆነ። ብዙ የለጋሽ ውሎች አንድ የበጀት መስመር 10 በመቶ ሲያልፍ ማብራሪያ ስለሚጠይቁ፣ የ36 በመቶ ብልጫ በዝምታ አይታለፍም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኞቹን ከመኪናው የጉዞ መዝገብ ጋር ስታመሳክር የተቀዳው 8,000 ሊትር፣ አማካይ ዋጋው ደግሞ 95 ብር ሆኖ አገኘችው።

አሁን ብልጫው ለሁለት ይከፈላል። በሊትር የጨመረው 15 ብር በ8,000 ሲባዛ 120,000 ብር፤ ይህ የዋጋ ነው። ያልታቀደው 1,000 ሊትር በ80 ሲባዛ 80,000 ብር። ይህኛው ከምንዛሪ ጋር ዝምድና የለውም። የቧንቧ ጨረታው ሁለት ወር ተጓተተ፣ መኪናው ወደ ቁፋሮው ቦታ ባዶውን ተመላለሰ።

ብዙዎች እዚህ ላይ «ከአቅም በላይ በሆኑ የተለያዩ ምክንያቶች» ብለው ይጽፋሉ። ለጋሹ ጋ ያለው አንባቢ ይህን ሐረግ በየሳምንቱ ስለሚያየው፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው ደረሰኝ ነው። የተሻለው ይህ ነው፦ «ከብልጫው 120,000 ብር የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ነው። 80,000 ብሩ ጨረታውን በማዘግየታችን የመጣ ነው፤ ከእንግዲህ ጨረታው ቁፋሮው ከመጀመሩ ሦስት ወር አስቀድሞ ይወጣል።» የይቅርታ መዓትም አያስፈልግም። ሁለት ገጽ ይቅርታ ራሱ ያጠራጥራል።

ትልቁ ፈተና ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሁለተኛው ዙር 20,000 ዶላር በበጀቱ ምንዛሪ 1,140,000 ብር መሆን ሲገባው፣ በ100 ብር ተመንዝሮ 2,000,000 ሆኖ ገብቷል። 860,000 ብር ትርፍ ማለት ነው። የነዳጁን ብልጫ በዚህ ሸፍኖ «በጠቅላላው በበጀታችን ውስጥ ነን» ማለት ያጓጓል። ግን ትርፉ የማን እንደሆነ የሚወስነው ውሉ ነው፤ አንዳንዱ ለፕሮጀክቱ እንዲውል ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ቅድሚያ ፈቃድ ይሻል፣ ተመላሽ የሚያስደርግም አለ። ስለዚህ ትርፉ በራሱ መስመር ይታያል፣ ብልጫውም በራሱ። የአጠቃቀም ጥያቄው ገንዘቡ ሳይነካ በደብዳቤ ይላካል። ኦዲተሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የደብዳቤውን ቀን ነው፦ ከክፍያው በፊት ነው ወይስ በኋላ?