ሲንክ ስናጠፋ የላክነው ኮንታክት የት ይሄዳል?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት እኛ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ እህቴ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

እህቴ ክረምት ላይ በአንድ አፕ አዲስ አካውንት ከፈተች። ስሟን ቀይራ፣ ፎቶ ሳታደርግ፣ ለእኛም ሳትነግረን ነው የከፈተችው። በማግስቱ አፑ «ልታውቂያቸው የምትችያቸው ሰዎች» ብሎ ደረደረላት። አንዱ ለቡ የሚኖረው ቧንቧችንን የጠገነው ሰውዬ ነው፤ ሌላዋ ሳሪስ ምጣድ የሸጠችልን ሴትዮ ናት። እሱስ ይሁን። በሦስተኛው ቀን ግን ድሮ እየደወለ ያስቸግራት የነበረ ልጅ «እዚህም አገኘሁሽ» ብሎ ጻፈላት። እህቴ «ማን ነገረው?» እያለች አለቀሰች።

ማንም አልነገረውም። የአይሲቲ መምህራችንን ስጠይቃቸው በሦስት ደብተር አሳዩን፤ እኔም እንደዚያው ላስረዳችሁ።

አንደኛው ደብተር የእህቴ ኮንታክት ነው እንበል። ሁለተኛው የልጁ ነው፤ የእህቴ ቁጥር እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል። ሦስተኛው የኩባንያው ትልቅ ደብተር ነው፤ ይኼ ሰርቨር የሚባለው ነው። አፑ ገና ሲከፈት ኮንታክት ለማየት ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ቶሎ እንዲያልፍልን Allow እንላለን። ያኔ ስሙና ቁጥሩ ተገልብጦ ትልቁ ደብተር ላይ ይጻፋል። አንዱ በ09፣ ሌላው በ+2519 ቢመዘግበውም ኮምፒውተሩ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚቀይር ቁጥሩ አያመልጠውም። ከዚያ በኋላም አዲስ ሰው በመዘገብን ቁጥር ተጨማሪው ይላካል። ሲንክ ማለት ይኼ ነው።

ቧንቧ ሠሪው የመጣው እህቴ ቁጥሩን መዝግባ ስለነበረ ነው። ልጁ ግን ከእሷ ስልክ አይደለም የመጣው። እሷ አካውንት ከመክፈቷ በፊት እሱ ኮንታክቱን ልኮ ነበር። ቁጥሯ ትልቁ ደብተር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር ማለት ነው። በዚያ ቁጥር አካውንት ስትከፍት ኮምፒውተሩ ሁለቱን አመሳሰለና ለልጁ ጠቆመው። ስሟን መቀየሯ ምንም አልረዳትም፤ የተመሳሰለው ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለማ!

እህቴም ተናዳ ሲንኩን አጠፋችው። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚያው ሰዎች እንደገና መጡ። ለምን? ማጥፋት ማለት ከእንግዲህ አዲስ አትላክ ማለት ነው። ቀድሞ የተገለበጠው እዚያው ሊቆይ ይችላል። አፑን ከስልክ ላይ ብናጠፋው እንኳ ሰርቨሩ ላይ ያለው ቅጂ አብሮ አይጠፋም። ቅጂው እንዲሰረዝ ለብቻው ማዘዝ የሚያስፈልግበት አፕ አለ።

ይህ ቅጂ በሌላ ቦታም ጉዳት አምጥቷል። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ፌስቡክ አንድ ስህተት እንደተገኘበት ይፋ አደረገ። ሰዎች የራሳቸውን መረጃ ሲያወርዱ፣ ሌሎች ሰዎች ከላኩት ኮንታክት የመጣ ስልክና ኢሜይል አብሮ ይወርድላቸው ነበር። የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስልክ ወይም ኢሜይል በዚህ መንገድ ወጥቷል።

ብዙዎቻችን ቤት ያለው ቴሌግራም ስለሆነ በእሱ ላሳያችሁ። Settings ውስጥ Privacy and Security የሚል አለ። እዚያ መጀመሪያ Sync Contacts የሚለውን አጥፉ፤ ቀጥሎ Delete Synced Contacts የሚለውን ንኩ። አይፎን ላይ ሁለቱም Data Settings ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው መላኩን ያቆማል፤ የተላከውን የሚሰርዘው ሁለተኛው ነው።

ይኼም ሆኖ የምንሰርዘው የራሳችንን ደብተር ብቻ ነው። የልጁን ደብተር እህቴ ልትሰርዘው አትችልም። የቀራት በቁጥሯ እንዳትገኝ መከልከል ነበር። ቴሌግራም ላይ Phone Number ውስጥ ገብታ ቁጥሯን ማን ያያል ለሚለው Nobody፣ በቁጥሯ ማን ያገኛታል ለሚለው ደግሞ My Contacts አደረገች። በዚያኛው አፕም ተመሳሳዩን ፈልጋ አስተካከለች፤ ልጁንም ብሎክ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ አልጻፈላትም።

እኔም የእናቴን ስልክ ከፍቼ ቆጠርኩ። 214 ሰው አለ፤ የክፍል ኃላፊ መምህሬም፣ የሰፈራችን አዋላጅም እዚያ ውስጥ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጌም ሳወርድ Allow ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴንም ሆነ 214ቱን ሰዎች አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን!