ከፒዲኤፍ ሲወጣ የሚፈርሰው ሠንጠረዥ

ፒዲኤፍ ውስጥ የምናየው ሠንጠረዥ ለኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዥ አይደለም። ፋይሉ የያዘው እያንዳንዱ ፊደል ገጹ ላይ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው፤ መስመሮቹም ለብቻቸው የተሳሉ ናቸው።

ጥር 120፣ የካቲት ባዶ፣ መጋቢት 95 የሚል ረድፍ ገልብጠን ስንለጥፍ «120 95» ብቻ ይወጣል። ባዶው ቦታ ፊደል ስለሌለው የመጋቢቱ 95 የካቲት ሥር ይገባል። ቁጥሩ ራሱ ትክክል ስለሆነ ስህተቱን ማንም ልብ አይለውም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ወደ ፊደላቱ አቀማመጥ መመለስ ያስፈልጋል። ከፍታቸው የተቀራረበ ቃላት አንድ ረድፍ ይሆናሉ፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ የሆነ ክፍተት ዓምዶችን ይለያል። ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጫፋቸው ስለሚሰለፉ መለካት ያለበት እሱ ነው። `pdftotext -layout` የተባለው ትእዛዝ ክፍተቱን በተቻለ መጠን ጠብቆ ያወጣል። ስካን የተደረገ ገጽ ግን ምስል ብቻ ከሆነ አስቀድሞ ፊደሉ በኦሲአር መነበብ አለበት። ከዚያ የየዓምዱን ድምር ከታተመው ድምር ጋር ማመሳከር ነው።