«ኤርባጉ አለ ወይ?»
ወደ ዋግ ለሚወጣ መኪና ዋጋ ሲቆረጥ የማይታሰበው ሒሳብ

ከሰቆጣ የሚወርደው ማር፣ የአበርገሌ ፍየልና የተከዜ ዓሣ፣ ወደ ላይም የሚወጣው እህልና ሸቀጥ የሚጓጓዘው በአመዛኙ በአይሱዙ ነው። ነጋዴው ራሱ ደግሞ በላሊበላም ሆነ በኮረም በኩል ሲወጣ አባዱላ ወይም ዶልፊን ይሳፈራል፤ ገንዘብ የያዘው ያገለገለች የቤት መኪና ገዝቶ በራሱ ይመላለሳል። መኪና ሲገዛ ከደላላው ጋር የሚነጋገርበት ነገር የታወቀ ነው። ሞተሩ ይሰማል፣ ጎማው ይታያል፣ ቀለሙ «ኦሪጂናል» መሆኑ ይጠየቃል። «ኤርባጉ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተነሳም የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ መሪው መሐል ያለውን ጽሑፍ በጣት ማሳየት ይሆናል።

ጽሑፉ መኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሰው በግጭት ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ማስላት ያስፈልጋል። ሒሳቡም ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ነጋዴ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ተቀምጧል እንበል። ይህ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ክብደቱን በፍጥነቱ ስናባዛ 980 እናገኛለን፤ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ሞመንተም ይሉታል። መኪናው ከድንጋይ ግንብ ጋር ተጋጭቶ ሲቆም ነጋዴውም መቆም አለበትና ይህ 980 ወደ ዜሮ መውረዱ አይቀርም። መኪናው አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ መከፈል ያለበት ዕዳ ይኸው ነው። ዕዳው የሚከፈለው በኢምፐልስ ነው፤ ይኸውም ሰውየውን የሚያቆመው ኃይል፣ ኃይሉ ባረፈበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ብዜቱ ምንጊዜም 980 መሆን ስላለበት፣ ጊዜው ሲያጥር ኃይሉ ይበረታል፣ ጊዜው ሲረዝም ኃይሉ ይቀንሳል። ነጋዴ በሚገባው ቋንቋ ለመናገር፣ ብድሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው የመክፈያው ጊዜ ነው።

ይህን አይሱዙ ላይ እህል የሚጭን ወዛደር ያለ ትምህርት ያውቀዋል። ከላይ የተወረወረለትን ጆንያ ሲቀበል ጉልበቱን አጠፍ፣ እጁን ወደ ታች ሳብ ያደርጋል። ደርቆ ቢቀበለው ወገቡ ይቀጫል። ጆንያው ያው ነው፤ እሱ ያደረገው የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂቱ ማስረዘም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። ቀበቶ አስሯል፤ የመኪናው አፍንጫ እየተጨማደደ፣ ቀበቶውም በጥቂቱ እየለቀቀ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጉዞ ቆመ ቢባል፣ የቆመበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ትንሽ ያንሳል፤ 0.086 ሰከንድ ግድም ነው። 980ን ለዚህ ስናካፍል ሰውነቱ ላይ ያረፈው አማካይ ኃይል ከ11 ኩንታል ተኩል ክብደት ጋር የሚስተካከል ይሆናል። ከባድ ነው፤ ነገር ግን በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ በቀበቶ ሲከፋፈል ጤነኛ ሰው ይችለዋል።

ቀበቶ ያላሰረው ጎረቤቱስ? መኪናው ሲጨማደድ እሱ ገና በ50 ፍጥነቱ ወደ ፊት እየሄደ ነው። የመኪናው አፍንጫ የገዛለት ጊዜ ለእሱ አልተቆጠረለትም። ከዳሽቦርዱ ጋር ሲጋጭ ለመቆሚያ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጊዜው ወደ 0.007 ሰከንድ ያጥራል፣ ኃይሉም 140 ኩንታል ይደርሳል። ሁለቱ ሰዎች የተሳፈሩት በአንድ መኪና፣ የገጩትም አንድ ግንብ ነው።

መኪና ሲጋጭ አፍንጫው እንዲጨማደድ ሆን ብሎ መሥራት የተጀመረው በጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ ነው። ቤላ ባሬኒ የተባለው መሐንዲስ የተሳፋሪው ክፍል ጠንካራ፣ የፊቱና የኋላው ክፍል ግን የሚታጠፍ እንዲሆን ያቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት አግኝቶ፣ በ1959 ገበያ ላይ በዋለ መኪና ላይ ተግባራዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ቮልቮ ኒልስ ቦሊን የነደፈውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ መኪናው ላይ ገጠመ። በእኛ አገር ግን «የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የአሁኑ ቆርቆሮ ነው» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ ዋጋ ያስጨምራል። ብረቱ አለመታጠፉ ለመኪናው ጥሩ ነው፤ ለጥገናም ወጪ ይቀንሳል። ብረቱ ያልተቀበለውን ግን የሚቀበለው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የአባዱላና የአይሱዙ ነገር ይነሳል። የአይሱዙ ሾፌር የሚቀመጠው ከሞተሩ በላይ ነው፤ በፊቱ ኮፈን የለም። የአባዱላ አፍንጫም አጭር ስለሆነ የሾፌሩ እግር ከፓራውልቱ ብዙ አይርቅም። ለመጨማደጃ የተረፈው ሩብ ሜትር ብቻ ነው ብለን ብናሰላ፣ በዚያው በ50 ፍጥነት ኃይሉ ወደ 27 ኩንታል ተኩል ከፍ ይላል። በ80 ሲነዳ ደግሞ በዚያችው ሩብ ሜትር 70 ኩንታል ይሆናል። ፍጥነቱ ከግማሽ ብዙም ሳይበልጥ ጨምሮ ኃይሉ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ የሆነው፣ ሞመንተሙ መጨመሩ ሳያንስ ያችን ሩብ ሜትር በፍጥነት ስለሚጨርሳት የማቆሚያው ጊዜም ስለሚያጥር ነው።

በጠመዝማዛው የዋግ ዳገት ላይ የሚያሰጋው ግን ግንብ ሳይሆን ከመታጠፊያው ጀርባ ብቅ የሚል ሌላ መኪና ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን የቤት መኪና፣ ከጭነቱ ጋር 7,500 ኪሎ ከሚመዝን አይሱዙ ጋር ሁለቱም በ50 ፍጥነት ፊት ለፊት ተጋጩ እንበል። ተጣብቀው ቢቀሩ፣ ሁለቱም በአይሱዙው አቅጣጫ በ33 ፍጥነት ይቀጥላሉ። እንግዲህ የአይሱዙው ፍጥነት የተለወጠው በ17 ነው። የቤት መኪናዋ ግን ከ50 ቆማ፣ ከዚያም ወደ ኋላ በ33 ተገፍታለች፤ ለውጧ 83 ነው። ሁለቱ መኪኖች የተለዋወጡት ኢምፐልስ እኩል ነው፤ የተካፈሉት ጉዳት ግን የዚያን ያህል አይገናኝም። የቤት መኪናው ባለቤት 50 ላይ ነው የምነዳው ብሎ ቢጽናናም፣ ሰውነቱ የሚያየው የ83 ግጭት ነው።

ኤርባግ የሚገባው በዚህ መሐል ነው። ግጭቱን የሚለካው መሣሪያ የመኪናው ፍጥነት በድንገት መውረዱን ሲያይ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከረጢቱም ዓይን ከሚርገበገብበት ባነሰ ጊዜ፣ በ0.03 ሰከንድ ገደማ፣ በጋዝ ይሞላል። ብዙ ሰው እንደ ኳስ ተነፍቶ የሚቆይ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከበስተ ጀርባው ቀዳዳዎች አሉት፤ ጭንቅላት ሲያርፍበት ጋዙ ይወጣል፣ ከረጢቱም እየሟሸሸ ጭንቅላቱን ቀስ እያደረገ ያቆማል። ቀዳዳ ባይኖረው ጭንቅላቱን መልሶ ይወረውረው ነበር። በተጨማሪ ኃይሉን በፊትና በደረት ላይ ስለሚያሰፋው፣ መሪው በአንድ ቦታ ሊወጋ የነበረውን ያበርደዋል።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ገና እየተነፋ ባለ ከረጢት ላይ ሲወድቅ፣ ከረጢቱ ራሱ ይመታዋል። ሕፃን ታቅፎ ፊት መቀመጥም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው። ተራራማ መንገድ ላይ መኪና ገደል ሲገባ ደግሞ ግጭቱ አንድ አይደለም፤ የፊቱ ከረጢት አንዴ ከፈነዳ በኋላ ባዶ ጨርቅ ነውና ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ምት አይደርስም። እዚያ ላይ ሰውን ከመኪናው ጋር ይዞ የሚያቆየው ቀበቶው ብቻ ነው።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው እያበዛ ከቀረጠ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ አይቀርም። ከእነዚህ ውስጥ ተጋጭተው ባትላሜራ ቤት የገቡት በርካቶች ናቸው። ጥሩ ቀለም የተቀባ መኪና ስቱኮው ሥር ምን እንዳለ አይናገርም።

መታየት ያለበት ከኮፈኑ ሥር በግራና በቀኝ ወደ ፊት የሚዘልቁት ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ናቸው። የግጭቱን ጊዜ የሚያስረዝሙት በዋናነት እነሱ ናቸው፤ እንደ አኮርዲዮን እንዲታጠፉ በስሌት የተሠሩ ናቸውና። በእሳት ተሞቀው የተቃኑ ከሆነ የብረቱ ባሕርይ ተለውጧል፤ በሚቀጥለው ግጭት ቶሎ ይሟሽሹና ሞተሩ ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። በተቃራኒው ለጥንካሬ ተብሎ ወፍራም ብረት ተበይዶባቸው ከሆነ አይታጠፉም፤ ያኔ 60 ሳንቲ ሜትሩ ጠፋ ማለት ነው። የተሸበሸበ ቀለም፣ ያልተለመደ የብየዳ ጠባሳ፣ ከሌላው ጎን ጋር የማይመሳሰል መጋጠሚያ ምልክቶቹ ናቸው። ፊት ላይ የሚገጠመው ከባድ የብረት መከላከያም ፍየልና ላም ለመግፋት ቢመችም በዚህ ሒሳብ ኪሳራ ነው፤ ለመኪናው ተለክቶ ያልተሠራ ከሆነ አስተጣጠፉን ያበላሻል፣ ኤርባጉ የሚነሳበትንም ጊዜ ሊያዛባ ይችላል።

ኤርባጉን በተመለከተ ቀላሉ ምርመራ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ ማዞር ነው። የኤርባጉ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጨርሶ ካልበራ ይብሳል፤ ከረጢቱ ፈንድቶ ሳይተካ አምፖሉ የተነቀለበት አጋጣሚ አለና። መብራቱ ከዘይቱ ወይም ከባትሪው መብራት ጋር እኩል የሚበራና የሚጠፋ ከሆነም፣ ገመዱ ከዚያ ጋር ተቀጥሎ ገዢን ለማታለል የተሠራ ሊሆን ስለሚችል መጠርጠር ይገባል። የመሪው ክዳንና የዳሽቦርዱ ቀለም ልዩነት፣ ተስቦ የማይወጣ ወይም ወጥቶ የማይመለስ ቀበቶም የትናንትን ግጭት ይመሰክራሉ።

ምንም ግጭት ያላየ መኪናም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማንፊያዎች በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት እየተበላሹ ሲነፉ ብረታቸው ተሰባብሮ ሰው በመግደሉ፣ በዓለም ዙሪያ ቶዮታና ሆንዳን ጨምሮ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለቅያሪ ተጠርተዋል። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሳራ ሕግ እጁን ሰጠ። ከዱባይም ሆነ ከሌላ አገር ተገዝታ የገባች መኪና ለዚህ ጥሪ ቀርባ ስለመቀየሯ ማወቅ የሚቻለው በሻንሲ ቁጥሯ ነው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ሰፍሯል፤ አምራቾቹም በቁጥሩ ፈልገው መልስ ይሰጣሉ።

ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎችም ሒሳቡ አይቀየርም። ከፊት ሞተር ባለመኖሩ ወይም በማነሱ ለመጨማደጃ የሚሆን ቦታ ሊተርፍ ይችላል፤ ባትሪው ደግሞ መኪናውን ስለሚያከብደው ከቀላል መኪና ጋር ሲጋጭ ትልቁን የፍጥነት ለውጥ የሚቀበለው ያኛው ይሆናል። ከተጫነ አይሱዙ ፊት ሲቆም ግን እሱም ቀላሉ ወገን ነው።