«ሰላም» ካሉ በኋላ ስንቱ ጠየቀ?

በቴሌግራም ጫማ ለሚሸጥ ሱቅ ከሚጻፈው ብዙው የሚጀምረው በባዶ «ሰላም» ነው። ቴሌግራም ለነጋዴዎች ባዘጋጀው አገልግሎት ባለሱቁ ለአዲስ ደንበኛ፣ ወይም ለ7፣ ለ14፣ ለ21 ወይም ለ28 ቀን ጠፍቶ ለተመለሰ፣ የሰላምታ መልስ በራሱ እንዲላክ ማድረግ ይችላል። ይህ መልስ ሰውን ወደ ጉዳዩ ያስገባል ወይስ ሰላምታ ብቻ ያራዝማል?

በምሳሌ እንየው። በአንድ ወር 200 ሰዎች ሰላምታ ብቻ ጻፉ እንበል። የሱቁ መልስ «ሰላም! እንኳን ደህና መጡ፤ እንዴት ነዎት?» ነበር። 150ዎቹ መለሱ። ከመቶ 75 መሆኑ ነው፤ ባለሱቁ ቢደሰት አይፈረድበትም። ንግግሮቹ ሲነበቡ ግን 90ዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» ብለው ቀርተዋል። ጉዳያቸውን የተናገሩት 60 ናቸው፤ ከመቶ 30። በቀጣዩ ወር መልሱ «ሰላም! የፈለጉትን ጫማ ፎቶና የእግር ቁጥርዎን ይላኩልን» ሆነ። ከ200 ሰዎች የመለሱት 110 ብቻ ሲሆኑ ጉዳይ ያነሱት ግን 84 ደረሱ፤ ከመቶ 42። የመልስ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የተሻለውን መልስ ይጥለዋል። የመልእክት ብዛትም እንደዚሁ ያታልላል፤ እኛ ጤና፣ ቤተሰብና ሥራ ሳንጠያየቅ ወደ ጉዳይ ስለማንገባ፣ ረጅም ንግግር ብዙ ሰላምታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውን በጥያቄ ምልክት ለመለየት መሞከር ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። «እንዴት ናችሁ?» ምልክቱ አለው፣ ጉዳይ የለውም። «የገዛሁት ጫማ ጠበበኝ» ምልክት የለውም፣ ግን ሠራተኛውን ሥራ ያስይዘዋል። ስለዚህ መለኪያው ይህ ይሁን፦ ለመመለስ ዕቃ ማየት፣ ዋጋ ማረጋገጥ ወይም መወሰን ካስፈለገ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ 50 ንግግሮችን ይለዩ፤ ብዙ ቦታ ከተለያዩ ትርጉሙ ገና አልጠራም። የድምፅ መልእክትና በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም እንዳይዘለል።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነው። ደንበኛው «ሰላም» ልኮ ጥያቄውን እየጻፈ ሳለ የሱቁ መልስ ቀድሞ ይገባል። ጥያቄው ያለ መልሱም ይመጣ ነበር፤ ቆጣሪው ግን ለሰላምታው ይመዘግበዋል። መላው አውቶማቲኩን አንድ ቀን ማብራት፣ አንድ ቀን ማጥፋት ነው። ሳምንት 7 ቀን ስለሆነ ሰኞ አንዴ ሲበራ በሳምንቱ ይጠፋል፤ የገበያ ቀን አንዱን ወገን ብቻ አይጠቅምም። ጠፍቶ በዋለባቸው ቀናት ከመቶ 35 ሰው በራሱ ጊዜ ከጠየቀ፣ የሰላምታው ድርሻ ከ42ቱ 7 ብቻ ነው። ይህች ልዩነት በአጋጣሚም ልትመጣ ስለምትችል፣ መልሱን ከመለወጥ በፊት ለተጨማሪ ሳምንታት መቁጠር ይሻላል።