ውሃውን የሚገፋው ፓምፑ ነው ወይስ ሙቀቱ?

ግድግዳው በሚሞቅ የቆመ ቱቦ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ ሲፈስ ሁለት ኃይሎች ይገፉታል። አንዱ ፓምፑ ነው። ሌላው ተንሳፋፊነት ነው፤ ግድግዳውን የነካው ውሃ ሞቆ ስለሚቀል ወደ ላይ ይፈጥናል። ሁለቱን የሚያመዛዝነው አሃድ የሌለው የሪቻርድሰን ቁጥር ነው፦

Ri = Gr/Re² = gβΔTD/U²

g የመሬት ስበት፣ β የውሃው የመስፋት መጠን፣ ΔT በግድግዳውና በውሃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ D የቱቦው ስፋት፣ U ደግሞ የፍሰቱ ፍጥነት ነው። በተለምዶ ውጤቱ ከ0.1 ካነሰ ፓምፑ፣ ከ10 ከበለጠ ተንሳፋፊነቱ ይገዛል፤ በመካከሉ ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ እንውሰድ፤ ውሃው 40 ዲግሪ አካባቢ፣ ግድግዳው ከእሱ በ20 ዲግሪ የሚበልጥ ይሁን። በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ሲፈስ ቁጥሩ 0.6 ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 1 ሴንቲሜትር ሲወርድ 15 ይደርሳል፤ ፍጥነቱ በካሬ ስለሚገባ ትንሽ ለውጥ ሚዛኑን ይገለብጠዋል።

በ20 ሴንቲሜትር ፍጥነት ግን ቁጥሩ 0.04 ብቻ ነው። ተንሳፋፊነቱን ለመተው ያጓጓል፤ አደጋው ያለውም እዚሁ ነው። ፍሰቱ አሁን የተናወጠ ነው፣ ሙቀትን ከግድግዳው የሚያነሳውም ይኸው ንውጠት ነው። ግድግዳው አጠገብ ያለው ውሃ ሲፈጥን ከመሃሉ ጋር ያለው የፍጥነት ልዩነት ይጠባል፣ ንውጠቱ ይዳከማል፣ ግድግዳውም ከተጠበቀው በላይ ይግላል። በቱቦው ርዝመት የተደረደሩ ቴርሞሜትሮች አንድ ቦታ ላይ ጉብታ ካሳዩ ምልክቱ ያ ነው። ስለዚህ ለተናወጠ ፍሰት መሐንዲሶች Gr/Re²·⁷ን ይመለከታሉ፤ ይህ ከ0.00001 ካለፈ ተንሳፋፊነቱ አይናቅም። በእኛ ቱቦ ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።