እንቁራሪትን፣ ጉርጥንና እጮቻቸውን በፎቶ መለየት

እንቁራሪትና ጉርጥ፣ አዋቂ ሲሆኑ ጭራ የሌላቸው እንቁራሪት አስተኔ እንስሳት ናቸው። በሳይንሳዊ አመዳደብ ጉርጥ ከእንቁራሪት ውጭ የሆነ ወገን አይደለም፤ ከብዙዎቹ የእንቁራሪት ቤተሰቦች ቡፎኒዴ የተባለው አንዱ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛም ስሞቹ ይቀያየራሉ፤ ጓጉንቸር የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ለሁለቱም ይውላል።

በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በደቡብ አዲስ አበባ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ክረምት ላይ ውሃ በያዘ ኩሬ ዳር አንድ ፎቶ ተነሳ እንበል። በሣሩ ላይ ቡናማ እንስሳ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ባለው ውሃ ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ተከማችተዋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቆዳውን ነው፤ ሻካራ ከሆነ ጉርጥ፣ ለስላሳ ከሆነ እንቁራሪት ይላል። ይህ ምልክት በፎቶ ላይ ያሳስታል። ከውሃ ገና የወጣ ጉርጥ ያብረቀርቃል፤ ጭቃ የተቀባ እንቁራሪት ደግሞ ሻካራ ይመስላል። የተሻለው ምልክት ከዓይን ጀርባ ያለው ስፍራ ነው። የአገሪቱ የተለመዱ ጉርጦች ከእያንዳንዱ ዓይናቸው ኋላ፣ ከጆሮ ታምቡሩ በላይ፣ ሞላላ እብጠት አላቸው። ይህ የመርዝ እጢ ነው። ጉርጡን ውሻ ሲነክሰው ነጭ ፈሳሽ የሚወጣው በተለይ ከዚህ ነው። ፈሳሹ ዓይንንና አፍን ይለበልባል እንጂ፣ እንደሚባለው ጉርጥ መንካት ኪንታሮት አያወጣም። እብጠቱ ከላይ ወይም ከጎን በተነሳ ፎቶ በደንብ ይታያል፤ ፊት ለፊት ከተነሳ ግን ሊሸፈን ይችላል።

በፎቶው ላይ እብጠቱ የለም እንበል። ቀጥሎ እግሩ ይታያል። አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ የኋላ እግሩ ረጅም፣ ጀርባው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን የቆዳ መስመሮች ያሉት ከሆነ፣ ፕቲካዴና የተባለው የሣር እንቁራሪት ወገን ሊሆን ይችላል። እነዚህ በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ናቸው፤ ሲደነግጡም በአንድ ዝላይ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ጉርጥ ግን እግሩ አጭር ስለሆነ አጫጭር ዝላይ ይዘላል ወይም ይራመዳል። በጀርባ መሃል የሚያልፍ ነጣ ያለ መስመር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሁለቱም ላይ ይገኛልና።

የሚያሳስት ሌላም አለ። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የሚባለው የኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪት ክብ ሰውነትና አጭር እግር ስላለው ጉርጥ ይመስላል። ከዓይኑ ኋላ እጢ የለውም፤ የዓይኑ ብሌንም በብርሃን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የቆመ ስንጥቅ ነው። የጉርጥ ብሌን የተጋደመ ነው። እንግዲህ ዓይኑ ጥርት ብሎ ከተነሳ፣ ፎቶው ግማሹን ጥያቄ መልሷል ማለት ይቻላል።

በውሃው ውስጥ ያሉት ጥቁር ነገሮች ክብ አካልና አንድ ጠፍጣፋ ጭራ ካላቸው፣ በጎናቸውም ክንፍ ከሌለ እጮች ናቸው። የዓሣ ጫጩት የጎን ክንፎች አሉት። የወባ ትንኝና የሌሎች ትንኞች እጭ ደግሞ ቀጭን፣ ቁርጥራጭ መስሎ የሚታይና ብዙ ጊዜ ውሃው ገጽ ላይ የሚገኝ ነው። የእንቁራሪት እጭ ሲያድግ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ይወጣሉ፤ የፊቶቹ ዘግይተው ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ጭራው ይጠፋል።

እጮቹ ትናንሽ፣ ጥቁርና አንድ ላይ የሚርመሰመሱ ከሆኑ የጉርጥ መሆናቸው ያመዝናል። በአጠገባቸው በሣር ላይ የተጠመጠመ እንደ ክር የተያያዘ እንቁላል ከታየ ግምቱ ይጠነክራል፤ ጉርጥ እንቁላሉን የሚጥለው በረጅም ሙጫማ ክር ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ ሁሉም ጉርጥ እንዲህ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች የሚኖር አንድ ትንሽ ጉርጥ እንቁላሉን የሚጥለው በየብስ ላይ ነው። የዜኖፐስ ክሊቪ እጭ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ አካልና ከአፉ ጎን ሁለት ረጃጅም ጢም መሰል ነገሮች አሉት። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ውሃው መሃል ስለሚንሳፈፍ የአምባዛ ጫጩት ሊመስል ይችላል።

በምሳሌው ፎቶ ላይ እንግዲህ በሣሩ ላይ ያለው የሣር እንቁራሪት፣ በውሃው ያሉት ደግሞ የጉርጥ እጮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ላይ መታየታቸው ወላጅና ልጅ አያደርጋቸውም። የእጩን ትክክለኛ ዝርያ ለማወቅ በአፉ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን የጥርስ ረድፎች በማጉያ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከኩሬ ዳር በስልክ የተነሳ ፎቶ ይህን አያሳይም። ገና ከውሃ የወጣ ትንሽ ጉርጥም እጢው ጎልቶ ስለማይታይ፣ መጠኑን የሚያሳይ ሳንቲም ወይም ቅጠል ከጎኑ ከሌለ ከአዋቂ እንቁራሪት ጋር ሊምታታ ይችላል።